ውላችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ኢንሹራንስ ስትገቡ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር። መኪናው 1,000,000፣ ቤቱ 4,000,000 ይላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ውሉን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ክፉ ቀን ከመጣ ያን ያህል ገንዘብ ቆጥረው የሚሰጡት ይመስለዋል።

እኔ ለዓመታት የጉዳት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የተቃጠለ ቤትና የተጋጨ መኪና ማየት፣ ጉዳቱ ስንት እንደሆነ መጻፍ ነበር። ያን ወረቀት ይዤ ስቀርብ "ታዲያ ያ ቁጥር ለጌጥ ነው እንዴ የተጻፈው?" ብለው የጮኹብኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም። ውሉን ሲፈርሙ ማንም አላስረዳቸውም።

ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው አጠገቡ ያለው ቃል ነው። ወይ "የገበያ ዋጋ" ይላል፣ ወይ "የስምምነት ዋጋ" ይላል፣ ወይ "የመተኪያ ዋጋ" ይላል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቃሉ ሲቀየር የሚከፈላችሁ ገንዘብ ይቀየራል። እንዴት እንደሚቀየር በአንድ መኪናና በአንድ ቤት ላይ እናያለን። የገንዘቡን ዓይነት የፈለጋችሁትን አድርጋችሁ አስቡት፤ ለእኛ ስሌቱ ይበቃናል።

ከመኪናው እንጀምር። ሰውየው መኪናውን በ1,000,000 ኢንሹራንስ አስገባ። የገዛበት ዋጋ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቁጥሩን ሳይነካ ውሉን እያሳደሰ ሳለ፣ መኪናው ተሰረቀ። አልተገኘም። ውሉ "የገበያ ዋጋ" ይላል።

እዚህ ላይ የገማቹ ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው። ይህ መኪና ከመሰረቁ አንድ ደቂቃ በፊት ለሽያጭ ቢቀርብ ስንት ያወጣ ነበር? የተገዛበት ዋጋ አይደለም። አዲሱ ዛሬ የሚሸጥበትም አይደለም። ይህን ለማወቅ ገማቹ ተመሳሳይ መኪናዎችን ይፈልጋል። ሞዴሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የአካሉ ሁኔታ የሚቀራረብ መሆን አለበት። ከዚያ ሻጮች የጠየቁትን ዋጋ ይይዝና ትንሽ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የተጠየቀውና በመጨረሻ የተሸጠበት ዋጋ አንድ አይደለም። ኪሎ ሜትሩ ከሌሎቹ ከበለጠ ይቀንሳል፣ ሞተሩ በቅርቡ ተጠግኖ ደረሰኝ ካለ ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ 780,000 ላይ ደረሰ እንበል።

ሰውየው የሚያገኘው 780,000 ነው። ከዚያም ላይ ውሉ ከኪስ ይሸፈን የሚለው ተቀናሽ ይነሳል። 1,000,000 የሚለው ቁጥር ጣሪያ ነበር። ከዚያ በላይ አንከፍልም ማለት ነው እንጂ ያን ያህል እንከፍላለን ማለት አይደለም።

ሰውየው ግን ተናደደ። "ዓረቦን የከፈልኩት በ1,000,000 ሒሳብ ነው!" አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሒሳብ ነው የከፈለው። ታዲያ ለምን አይሰጡትም? የካሳ መርህ የሚባል ያረጀ ሕግ አለ። በ1883 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ የቤት ቃጠሎ ክርክር ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። ኢንሹራንስ የጎደለውን ይሞላል፤ ከጉዳቱ ማትረፍ ግን አይቻልም። ምክንያቱ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። 780,000 የሚያወጣ መኪና ሲሰረቅ 1,000,000 የሚገኝ ቢሆን መኪና ማሰረቅ ጥሩ ሥራ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከዋጋ በላይ መግባት ትርፉ ድካም ነው። ዓረቦን ይበዛል፣ ካሳ አይጨምርም። ግን እሱ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚያስከትለው ትንሽ ብክነት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ተቃራኒው ነው።

ያንኑ መኪና እንውሰድ። አሁን ግን ገበያው ወደ ላይ ሄዷል። በሁለት ዓመት ውስጥ መኪና ተወደደ፣ መለዋወጫ ተወደደ። መኪናው ዛሬ 1,400,000 ያወጣል። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን አሁንም 1,000,000 ነው። ሰውየው ዓረቦን እንዳይጨምርበት ብሎ ዝም አለ፣ ወይም ጭራሽ አላሰበውም።

መኪናው ቢሰረቅ 1,000,000 ያገኛል። የገበያ ዋጋው ቢበልጥም ጣሪያው ያስቆመዋል። 400,000 ከኪሱ ጎደለ። ይህን ሁሉም ሰው ይገምታል። የማይገመተው ቀጥሎ ያለው ነው።

መኪናው አልተሰረቀም፤ ተጋጨ። ጋራዡ 280,000 ብሎ ፕሮፎርማ ጻፈ። ሰውየው "280,000 ከ1,000,000 በጣም ያነሰ ነው፣ ጣሪያውን የሚነካ ነገር የለም" ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ክፍያው ሲመጣ 200,000 ሆነ። ለምን?

ብዙ ውሎች ውስጥ የድርሻ ሒሳብ የሚያመጣ አንቀጽ አለ። ንብረትህን ከዋጋው በታች ካስገባህ ለጎደለው ያህል አንተ ራስህ ኢንሹራንስ ሰጪ ሆነሃል ይላል። 1,400,000 ለሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ከገባህ፣ ከ7 እጅ 5 እጁን ነው ያስገባኸው። ስለዚህ የማንኛውንም ጉዳት ከ7 እጅ 5 እጁን ታገኛለህ። 280,000 ለ7 ሲካፈል 40,000 ነው። በ5 ሲባዛ 200,000። የቀረው 80,000 የሰውየው ነው። ትንሽ ግጭት ቢሆንም፣ መስታወት ብቻ ቢሰበርም ሒሳቡ ያው ነው። ይህ አንቀጽ በሁሉም የመኪና ውል ውስጥ የለም። ስለዚህ የራሳችሁን ውል ከፍታችሁ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ በሚያወራው ክፍል ውስጥ ይገኛል።

አንድ ሌላ ወጥመድ ልጨምር። ከሥራ ባልደረቦቼ ውጭ ሲያወራው የሰማሁት ሰው የለም። ጉዳቱ ከባድ ሆነ እንበል፤ ጥገናው 700,000 ይፈጃል ተባለ። ኢንሹራንሱ መኪናው ይጠገን ወይስ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ይቆጠር ብሎ ይወስናል። ውሳኔው የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር በማነጻጸር ነው። ከየትኛው ዋጋ ጋር? ከገበያ ዋጋው ከ1,400,000 ጋር ካነጻጸሩት ግማሽ ነው፣ ይጠገናል። ከተገባበት ዋጋ ከ1,000,000 ጋር ካነጻጸሩት ግን 70 በመቶ ሆነ። መስመራቸው እዚያ ላይ ከሆነ መኪናው "ጠፍቷል" ይባላል። ሰውየው 1,000,000 ይቀበልና ስባሪውን ያስረክባል። ስባሪው ደግሞ የ1,400,000 መኪና ስባሪ ነው፤ ራሱ ደህና ገንዘብ ያወጣል። ሊጠገን የሚችል መኪናውን ከገበያው ባነሰ ዋጋ አስረክቦ ወጣ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ዓረቦን ለመቆጠብ ዝም ካለው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ፤ የስምምነት ዋጋ።

ይህ ቃል የመጣው ከባሕር ነው። መርከብ ወደብ ለቆ ወጥቶ ወራት ይፈጃል። ጭነቱ በተነሳበት ወደብ አንድ ዋጋ አለው፣ በሚደርስበት ሌላ ዋጋ አለው። መሃል ባሕር ላይ ሲሰምጥ ስንት ነበር ብሎ ማን ይመልሳል? ስለዚህ ነጋዴውና ኢንሹራንስ ሰጪው ከጉዞው በፊት አንድ ቁጥር ላይ ይስማሙ ነበር። መርከቡ ከጠፋ ያ ቁጥር ይከፈላል፣ ክርክር የለም። በ1906 የወጣው የእንግሊዝ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግም ይህን ጻፈው። ማጭበርበር ከሌለ በውሉ የተቆረጠው ዋጋ ሁለቱንም ወገን ያስራል ይላል።

ዛሬ በየብስ ላይ ይህን የምታገኙት ዋጋቸውን ገበያ በማይናገርላቸው ነገሮች ላይ ነው። ያረጁና ብርቅ መኪናዎች፣ ሥዕሎች፣ ጌጣጌጦች። ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ፣ ባለቤቱ ለዓመታት ሲያድሰው የኖረ መኪና በገበያ ዋጋ ብታስገቡት ገማቹ ከምን ጋር ያነጻጽረዋል? በየመንገዱ አይሸጥም። የእርጅና ቅናሽ ቢሠራለት ደግሞ ዋጋው ዜሮ ይሆናል፤ እሱ ግን ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ይገምተዋል፣ ፎቶው ይያያዛል፣ የእድሳት ደረሰኞቹ ይያያዛሉ፣ ሁለቱ ወገኖች 900,000 ብለው ይፈርማሉ። ቢቃጠል 900,000 ይከፈላል። በዚያ ቀን ገበያው 800,000 ይሁን 1,100,000 ይሁን አይጠየቅም።

ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ "ታዲያ ለምን ሁላችንም የስምምነት ዋጋ አንይዝም?" ይላል። መጀመሪያ ነገር ብዙ ጊዜ ዓረቦኑ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ ሰጪው ያለ ማስረጃ አይስማማም። ሦስተኛው ደግሞ ቃሉ ራሱ ነው፤ በደንብ ካላያችሁት ያታልላችኋል።

"የተስማማንበት ዋጋ" እና "መድን ገቢው ያሳወቀው ዋጋ" አንድ አይደሉም። ቅጹ ላይ "የመኪናው ዋጋ" የሚል ባዶ ቦታ አለ፣ እናንተ 900,000 ብላችሁ ሞላችሁ። ተስማማን ማለት ነው? አይደለም። እናንተ ተናገራችሁ፣ እነሱ ሰሙ። እንዲህ ዓይነቱ ውል ሲከፈት ብዙውን ጊዜ "ካሳወቁት ዋጋና ከገበያ ዋጋው ዝቅተኛው" ይላል። "ዝቅተኛው" የምትለዋን ቃል ካያችሁ፣ ወይም "እስከ" የምትለዋን ካያችሁ፣ የያዛችሁት የስምምነት ዋጋ አይደለም፤ ጣሪያ ነው። እውነተኛ የስምምነት ዋጋ ውል ሙሉ ጉዳት ሲደርስ ቁጥሩ ራሱ እንደሚከፈል ያለ "እስከ" ይናገራል።

ሌላው ጥያቄ ጉዳቱ ከፊል ሲሆን ምን ይሆናል የሚለው ነው። በ1949 በእንግሊዝ የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሳስታውሰው አሁንም ፈገግ እላለሁ። አንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት በ106,850 ፓውንድ የስምምነት ዋጋ ተገብቶ ነበር። ከዚያ በከፊል ተቃጠለ። ሲገመት ከቃጠሎው በፊት የነበረው እውነተኛ ዋጋ 18,000 ፓውንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከቃጠሎው በኋላ 12,600። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ጉዳቱ 5,400 ነው፣ እሱን እንክፈል አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን የስምምነቱ ዋጋ ለከፊል ጉዳትም ይሠራል አለ። 18,000 ወደ 12,600 ሲወርድ 30 በመቶ ጠፍቷል። ስለዚህ ከ106,850 ላይ 30 በመቶው ይከፈል ተባለ። ከ32,000 ፓውንድ በላይ ማለት ነው፤ ቤቱ በሙሉ ከሚያወጣው የበለጠ።

ይህን የምነግራችሁ ዕድል እንድትሞክሩ አይደለም። የዛሬ ውሎች ለከፊል ጉዳት "የጥገናው ወጪ" ብለው ለይተው ይጽፋሉ፣ ያኔ ይህ ስሌት አይመጣም። የማሳያችሁ የስምምነት ዋጋ ምን ያህል ጠንካራ ቃል እንደሆነ ነው። የካሳ መርህን እንኳን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ያ ጥንካሬ ግን በእናንተም ላይ ይሠራል። በ900,000 ተስማምታችሁ መኪናው 1,300,000 ከደረሰ፣ የሚከፈለው 900,000 ነው። ስምምነቱም የሚቆየው ለውሉ ዘመን ብቻ ነው። ሲታደስ እንደገና መስማማት አለ።

አሁን ቤቱ። ሦስተኛው ቃል፣ የመተኪያ ዋጋ፣ ቤቱ ውስጥ ነው በደንብ የሚታየው።

አንዲት እህት ቤቷን 6,000,000 ልትሸጠው ትችላለች እንበል። ከዚህ ውስጥ 2,500,000ው የመሬቱ ዋጋ ነው። ቤቱን ዛሬ ከመሠረቱ በዚያው ዓይነት፣ በዚያው ጥራት ለመሥራት 4,000,000 ይፈጃል። ቤቱ ግን አዲስ አይደለም፣ አገልግሏል። እርጅናው ሲቀነስ 3,000,000 ነው እንበል።

ስንት ብላ ትግባ? መሬት አይቃጠልም፣ ስለዚህ 6,000,000 ስህተት ነው። የገዛችበት ዋጋም አይሠራም። ውሏ የመተኪያ ዋጋ ከሆነ መጻፍ ያለበት 4,000,000 ነው። እንዲያውም ፍርስራሹን አንስቶ ለመጣል፣ ለንድፍና ለባለሙያ የሚወጣውም ይታከላል። ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። የተቃጠለ ቤት ፍርስራሽ በነጻ አይነሳም።

የመተኪያ ዋጋ ማለት አዲስ በአሮጌ ማለት ነው። የካሳ መርሁን ታስታውሳላችሁ? እዚህ ላይ ይላላል። ጣሪያዋ ተቃጠለ እንበል። አዲሱ 500,000 ይፈጃል። ጣሪያው 20 ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚታሰብ ዓይነት ነው፣ 8 ዓመት አገልግሏል። የእርጅና ቅናሽ ባለው ውል 40 በመቶ ይነሳና 300,000 ይከፈላታል። 200,000ውን ራሷ ትጨምራለች። በመተኪያ ዋጋ ግን 500,000ው ሙሉ ይከፈላል።

ግን አንዴ ቆጥረው አይሰጧትም። ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ውሎች መጀመሪያ የሚሰጠው እርጅና የተቀነሰበት 300,000 ነው። የቀረው 200,000 የሚመጣው ጣሪያው በእርግጥ ከተሠራ በኋላ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ገደብ ያለው ጊዜም አለ፤ በውሉ በተጻፈው ቀን ውስጥ ልሠራ ነው ብላችሁ ካላሳወቃችሁ ቀሪው ይቀራል። 440,000 ብቻ አውጥታችሁ ከጨረሳችሁ ደግሞ 440,000 ነው የሚከፈለው። ትርፍ እዚህም የለም። የላላው የእርጅና ቅናሽ ብቻ ነው።

ባትሠራስ? ቤቱን ትታ ገንዘቡን ብትፈልግስ? በ1979 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለዚህ የሚሆን ጉዳይ አይቷል። አንድ ሰው ትንሽ ቤቱን በ14,000 ፓውንድ አስገባ። ቁጥሩ ቤቱን እንደገና ለመሥራት ያስፈልጋል ተብሎ የተጻፈ ነበር። ቤቱ ተቃጠለ። ነገር ግን ሰውየው ከቃጠሎው በፊት ቤቱን በ4,500 ፓውንድ ለመሸጥ ፈቃደኛ እንደነበር ተረጋገጠ። መሬቱ ብቻውን 1,500 ያወጣል። ፍርድ ቤቱ እውነተኛ ጉዳትህ ምንድን ነው አለው። ልትሸጠው ነበር፤ 4,500 ታገኝ ነበር፤ አሁን መሬቱን ሸጠህ 1,500 ታገኛለህ። ያጣኸው 3,000 ነው። 3,000 ተፈረደለት። 14,000 የሚለው ቁጥር በውሉ ላይ ቢጻፍም፣ ዓረቦኑ በሱ ቢከፈልም።

እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ መጀመሪያ ላይ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ትክክል ነው አልኩ። ያ ውል ጉዳትህን እንከፍላለን ነው ያለው እንጂ ሳትሠራ የመሥሪያ ወጪ እንሰጥሃለን አላለም። ለናንተ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ቤታችሁን ለሽያጭ አቅርባችሁ ከሆነ ወይም ሊፈርስ የታሰበ ከሆነ፣ የመተኪያ ዋጋ ውል ያሰባችሁትን ላያደርግላችሁ ይችላል።

ወደ እህታችን እንመለስ። 4,000,000 መጻፍ ሲገባት ዓረቦኑ በዛባት። "መቼም ቤቱ በሙሉ አይቃጠልም" ብላ 3,200,000 ጻፈች። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ሐሳቡም ሞኝነት አይመስልም። ወጥ ቤቱ ተቃጠለ፣ ለማሠራት 600,000። ውሉ ያ የድርሻ አንቀጽ አለው። 3,200,000 ከ4,000,000 ውስጥ 80 በመቶ ነው። የ600,000 ሰማንያ በመቶ 480,000። 120,000 ከራሷ።

እዚህ አንድ የማይታይ ነገር አለ። እርጅናው የተቀነሰበት ዋጋ 3,000,000 ነበር ብለናል። ውሏ እርጅና በሚቀንስ ስሌት ቢሆን ኖሮ 3,200,000 ከበቂ በላይ ነበር። ያው ቁጥር በአንዱ ቃል በቂ፣ በሌላው ቃል ጎደሎ ሆነ። ሰዎች ውላቸውን ወደ "የተሻለው" የመተኪያ ዋጋ ሲቀይሩ ቁጥሩን ሳይቀይሩ ይተዉታል። ከዚያ ከዋጋ በታች የገቡ ይሆናሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአንድ መጋዘን ባለቤት ውሉን አሻሽሎ በማግሥቱ የባሰ ሽፋን ላይ ነበር። የሸጡለት ሰዎችም አልነገሩትም።

ለመኪናም የመተኪያ ዋጋ አንዳንዴ አለ። አዲስ መኪና ከሆነና በውሉ በተጻፈው አጭር ጊዜ ውስጥ ከጠፋ፣ በአዲስ እንተካለን የሚል አንቀጽ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ወደ ገበያ ዋጋ ይመለሳል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ካላንደር ላይ ጻፉት። በጥገና ጊዜ ደግሞ ጎማና ባትሪ ሲተኩ "አሮጌ በአዲስ ተተክቷል" ተብሎ ከፊሉ ከናንተ ይጠየቃል። መከራከር ይቻላል፤ ያለቀ ጎማ ይዛችሁ ግን አትከራከሩ።

ከንግግሩ በኋላ ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን እዚህ አስገባቸዋለሁ።

አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትነግረን የቱን እንያዝ በለን" አሉኝ። ተሳቀ። እንዲህ አልኳቸው፦ አባቴ፣ በየቀኑ የሚነዱት ተራ መኪና ከሆነ የገበያ ዋጋ ይበቃዎታል፤ ግን ውሉ በታደሰ ቁጥር ተመሳሳይ መኪና ስንት እየተሸጠ እንደሆነ ሦስት አራት ቦታ ይጠይቁና ቁጥሩን ያስተካክሉ። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ የመተኪያ ዋጋ ይያዙ፤ ቁጥሩን ግን የሚሸጥ ሰው ሳይሆን የሚሠራ ሰው ይንገርዎት፣ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ። የስምምነት ዋጋን ምሳሌ ለሌለው ዕቃ ይተዉት። "ምሳሌ የሌለው እኔ ብቻ ነኝ" አሉና ተቀመጡ።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ወጣት ናት፤ አሮጌ መኪና እያደሰች ትነዳለች። በ900,000 የስምምነት ዋጋ ውል አላት። "መኪናዬ ቢጋጭና ጠፍቷል ቢሉኝ ስባሪውን መያዝ እችላለሁ? ክፍሎቹ የትም አይገኙም" አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ራሴ ማንሣት ነበረብኝ። የስምምነት ዋጋው ሙሉ ሲከፈል ስባሪው የኢንሹራንሱ ይሆናል። እሷ ልታስቀረው ከፈለገች የስባሪው ዋጋ ከክፍያዋ ላይ ይነሳል። 150,000 ከተገመተ 750,000 ይሰጧታል። ነገሩ ስምምነት የተደረገው በመኪናው ዋጋ ላይ ነው፤ በስባሪው ዋጋ ላይ ማንም አልተስማማም። ስለዚህ ክርክሩ ወደዚያ ይዞራል። ኢንሹራንሱ ለብርቅ መኪና ስባሪ ከፍ ያለ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል፣ ገዢ ስላለው። ስባሪውን ማስቀረት እንደምትችል ውሉ ላይ አሁኑኑ እንዲጻፍላት፣ ዋጋውም እንዴት እንደሚገመት አብሮ እንዲገባ ነገርኳት። ከግጭት በኋላ ደግሞ "እይዘዋለሁ" ከማለቷ በፊት የስባሪውን ዋጋ በጽሑፍ ትቀበል። እሷም ስልኳን አውጥታ ጻፈችው።